የበቆሎ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ቀን ቁጠሩ፦ ዝናቡ ለማይታመን የጎጃም ማሳ

ግንቦት ላይ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወርዳችሁ ዘር መሸጫ በር ላይ ብትቆሙ አንድ ጥያቄ ሳትሰሙ አትመለሱም። «ድርቅ የሚችለውን ልውሰድ ወይስ ብዙ የሚሰጠውን?» ሻጩም ያለውን ያነሳል፣ ገበሬውም ይዞ ይሄዳል።

ጥያቄው ራሱ ሰውን ያሳስታል። «ድርቅ የሚችል» ሲባል ሁለት የማይገናኙ ነገሮች አንድ ስም ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ቶሎ የሚደርስ ዘር ነው። ዝናቡ ሳይወጣ ፍሬውን ይዞ ያመልጣል እንጂ ጥሙን የሚችል ላይሆን ይችላል። ሌላው ጥም የሚችል ዘር ነው። መሀል ላይ ዝናብ ሲቋረጥ ከሌላው የተሻለ ፍሬ ይይዛል። ቶሎ ይደርሳል ማለት ግን አይደለም። ቢኤች-661 ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተለቀቀ የባኮ ምርምር ማዕከል ዲቃላ ነው። ከቀድሞው ቢኤች-660 የተሻለ ጥም ይችላል፣ ምርቱም ከፍተኛ ነው። ለመድረስ ግን 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ዘሩ ድርቅ ቻይም ነው፣ ብዙ ሰጪም ነው፣ ዘግይቶ ደራሽም ነው። ዝናቡ በመስቀል ከወጣበት ጥም መቻሉ ብቻውን አያድነውም።

ስለዚህ ከዘሩ ስም በፊት ሁለት ቀን ማወቅ ያስፈልጋል። በእናንተ ማሳ ዘር የሚዘራው መቼ ነው? ዝናቡስ የሚወጣው መቼ ነው? ከዚህ በታች ያለው አቆጣጠር የአክስቴን ማሳ ይዞ ይሄዳል። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብለው 4 ቃዳ ያርሳሉ፣ 1 ሄክታር መሆኑ ነው። ሁለቱ ቃዳ ጥልቅ ቀይ አፈር ነው። አንዱ ፍግ የጠገበ ጓሮ ነው። አራተኛው ተዳፋት ላይ ያለ ጭንጫ ነው።

1. ዝናቡ የወጣበትን ቀን ከትዝታ ሰብስቡ

ደብተር የሌለው ሰው በዓል አለው። አክስቴን «ባለፉት 8 ዓመታት ዝናቡ መቼ ወጣ?» ብላቸው መልስ አልነበራቸውም። «በየትኛው ዓመት ነው ከደመራ በኋላ ጠብ ያላለው?» ስላቸው ግን ወዲያው ተናገሩ። ሁለቱን ዓመት ከነምክንያቱ ያውቁታል። በአንዱ ልጃቸውን የዳሩበት ነው፣ በሌላው በሬ የሸጡበት። በቀሩት ስድስት ዓመታት ዝናቡ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ ቆይቷል።

ስለዚህ በእሳቸው ማሳ ከአራት ዓመት በአንዱ ዝናቡ በመስቀል ይወጣል። ከጎረቤት ጋር አብራችሁ ብታስታውሱ ይሻላል። አንዱ የረሳውን ሌላው ያነሳዋል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምቱ ሲቃረብ የሚያወጣውን ትንበያም ስሙ። ነገር ግን «መደበኛ ዝናብ» ቢባልም ያ ለሰፊ አካባቢ የተነገረ ነው። በእናንተ ማሳ ዝናቡ የትኛው ሳምንት እንደሚቋረጥ አይነግራችሁም።

2. የአፈሩን ጥልቀት እዩ

ማሳው ላይ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሩ። ድንጋይ ሳያጋጥማችሁ ከወረዳችሁ አፈሩ ውሃ ይይዛል። ጥልቅ ቀይ አፈር ከመጨረሻው ጥሩ ዝናብ በኋላ በቆሎውን ለሁለት ሳምንት ያህል ያቆየዋል። ጭንጫ ላይ ሳምንት ቢቆይ ነው። ይህች የሳምንት ልዩነት ቀጥሎ ባለው ስሌት ላይ ትገባለች።

3. ከዘር ቀን ጀምራችሁ እስከ አበባው ቁጠሩ

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው።

በቆሎ ውሃ ጠማው ብሎ እኩል የሚጎዳበት ጊዜ የለም። ችግኝ ሳለ ቢጠማ ይቀጭጫል፣ ዝናብ ሲያገኝ ያገግማል። ፍሬው ከደረቀ በኋላ ደግሞ ውሃ አያስፈልገውም። የሚጎዳው በአበባው ወቅት ነው። ከተክሉ አናት ላይ ያለው ወንዴ አበባ ብናኙን ያራግፋል። ከጎኑ ያለው ፀጉር ብናኙን ይቀበላል። እያንዳንዱ ክር ወደ አንድ ፍሬ ይሄዳል። ተክሉ ሲጠማ ወንዴው በቀኑ ይወጣል፣ ፀጉሩ ግን ይዘገያል። ፀጉሩ ሲወጣ ብናኙ ካለቀ የበቆሎው ራስ ባዶ ይቀራል። ጥም ቻይ የሚባሉትን ዘሮች አዳቃዮች ሲመርጡ በዋናነት ከሚያዩት ነገር አንዱ ይህ ነው፤ ተክሉ ቢጠማም ፀጉሩ ከወንዴው ብዙ ወደኋላ አለመቅረቱ።

ስለዚህ አደገኛው ጊዜ ፀጉር ከሚወጣበት ቀን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላም ሦስት ሳምንት ይቆያል። ፀጉሩ የሚወጣው የመድረሻ ቀኑ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ሲል ነው። ለ160 ቀኑ ዘር 85ኛው ቀን አካባቢ፣ ለ145 ቀኑ 77ኛው ቀን አካባቢ ብላችሁ ያዙ። ከፍታው ሲጨምርና ብርዱ ሲበረታ ቀኑ ይገፋል።

አሁን የአክስቴን ማሳ እንቁጠር። የዘር ቀን ሰኔ 5 ይሁን። ጳጉሜን አትርሱ። አምስት ቀን ትንሽ ትመስላለች እንጂ ስሌቱን ታዛባለች።

ቢኤች-661 ሰኔ 5 ቢዘራ ፀጉሩ ነሐሴ 30 ይወጣል። አደገኛው ጊዜ ከነሐሴ 16 እስከ መስከረም 16 ነው፤ ከፍልሰታ ፍቺ እስከ ደመራ ማለት ነው። ፍሬው ሞልቶ እስኪጠነክር ደግሞ እስከ ጥቅምት 20 ገደማ እርጥበት ይፈልጋል። ዝናቡ በመስቀል በሚወጣበት ዓመት አበባው ከጥሙ ያመልጣል። ፍሬው ግን ሳይሞላ ይቀራል። ጥልቁ አፈር እስከ ጥቅምት መባቻ ያቆየዋል፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ይጎድለዋል።

145 ቀን የሚፈልገው ቢኤች-540 ተመሳሳይ ቀን ቢዘራ ፀጉሩ ነሐሴ 22 ይወጣል። ፍሬው እስከ ጥቅምት 5 ይሞላል። ያው መጥፎ ዓመት ቢመጣ ጥልቅ አፈር ላይ የሚጎድለው ጥቂት ቀን ነው። የ15 ቀን ልዩነት ትርጉሙ ይሄ ነው።

ዘሩ ዘግይቶ ሰኔ 25 ቢገባስ? የቢኤች-661 ፀጉር መስከረም 15 ይወጣል፣ የደመራ ዋዜማ። ዝናቡ ሲወጣ በቆሎው ገና ማበቡ ነው። ያን ጊዜ ዘሩ ምንም ያህል ጥም ቻይ ቢሆን አትመኑት።

ለአክስቴ ማሳ የያዝነው መቁረጫ ይህ ነው። ጭንጫው ላይ 160 ቀኑ ዘር ከሰኔ ሚካኤል በኋላ አይገባም። ጥልቁ አፈር ላይ እስከ ሰኔ 20 ይቻላል። ከዚያ ወዲያ 145 ቀኑ ይተካል። እናንተ ግን ይህን ቀን አትቅዱ። ቡሬም ሆነ መራዊ፣ ደንበጫም ሆነ ወምበርማ ያላችሁ የራሳችሁን መውጫ ይዛችሁ እንደገና ቁጠሩ።

4. በጣም ቶሎ ደራሹን ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ

ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው ሲሳሳትበት ስላየሁ ነው። ዝናብ የፈራ ገበሬ «ከሁሉ የሚፈጥነውን ስጠኝ» ይላል። መልካሳ-4 በ105 ቀን ገደማ ይደርሳል። መልካሳ-2 በ130 ቀን ገደማ። ሁለቱም መልካም ዘሮች ናቸው። የተሠሩት ግን ዝናብ አጠር ለሆነ ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1700 ሜትር አካባቢ።

መልካሳ-4ን ሰኔ 5 ፍኖተ ሰላም ላይ ብትዘሩት በወረቀቱ መስከረም 15 ይደርሳል። ያን ጊዜ ደህና በሆነ ዓመት ዝናቡ ገና እየወረደ ነው። ብርዱ ቀኑን ቢገፋው እንኳ ፍሬው የሚደርቀው በእርጥበት ውስጥ ነው። ራሱ ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሻግታል፣ አንዳንዱም እዚያው ይበቅላል። ወፉም ዝንጀሮውም በሰፈሩ ቀድሞ የደረሰውን ያንን አንድ ማሳ ያገኛል። የደጋና ወይና ደጋ እርጥበት የሚያመጣው የቅጠል በሽታም ይበረታበታል።

ወደ ዓባይ በረሃ ዝቅ ያለ ቆላ ማሳ ላላቸው ግን መልካሳ-2 ትክክለኛ ምርጫ ነው። ለወይና ደጋው ደግሞ ሐምሌ ላይ እንደገና ለመዝራት ከተገደደ የመጨረሻ መጠባበቂያ ይሆናል። ሁለቱ መልካሳዎች ዲቃላ አይደሉም። ከራሳችሁ ምርት ዘር ማስቀረት ትችላላችሁ። ከማሳው መሀል፣ ከጎረቤት ማሳ ራቅ ካለው ቦታ፣ ጤነኛና ሙሉ ራስ ምረጡ። እንዲህ ሲደረግ ለሦስት ዓመት ያህል ይሠራል። ቢኤች የሚባሉት ግን ዲቃላ ናቸው። ልጃቸውን መልሳችሁ ብትዘሩ ቁመቱ ይዘበራረቃል፣ ምርቱም በግልጽ ይወርዳል።

5. መጥፎውን ዓመት አስገብታችሁ መሬቱን ክፈሉ

ዘሮቹ ሲመዘገቡ በገበሬ ማሳ የሰጡት በሄክታር ለቢኤች-661 ከ65 እስከ 85 ኩንታል፣ ለቢኤች-540 ከ50 እስከ 65 ኩንታል አካባቢ ነው። ለአንድ ቃዳ ሩቡን ውሰዱ። ማዳበሪያው ካልተሟላ ከዚህ በታች ጠብቁ።

አክስቴ በራሳቸው ግምት እንዲህ አስቀመጡ። ቢኤች-661 ደህና ዓመት በቃዳ 18 ኩንታል፣ በመጥፎ ዓመት 7። ቢኤች-540 ደህና ዓመት 14፣ በመጥፎ ዓመት 10። ከአራት ዓመት አንዱ መጥፎ ከሆነ የቢኤች-661 አማካይ 15 ኩንታል ከሩብ ይመጣል። የቢኤች-540 ደግሞ 13 ይሆናል። ከአራት ሁለቱ መጥፎ ቢሆኑ 12 ከግማሽ ለ12 ይሆናሉ፤ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

በአማካይ ካየነው ብዙ ሰጪው ያሸንፋል። ቤት ግን በአማካይ አይበላም። አክስቴ «እኔ የምፈራው ያንን አንዱን ዓመት ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ስለዚህ አካሄዱን ገለበጥነው። መጀመሪያ ለቤት የሚበቃውን እህል በመጥፎው ዓመት ምርት አሰላን። ቤታቸው 10 ኩንታል በቆሎ ይበቃዋል። በመጥፎ ዓመት 10 ኩንታል የሚሰጥ አንድ ቃዳ ቢኤች-540 ይሸፍነዋል፣ ለዚህ ጓሮው ተመደበ። ሁለቱ ጥልቅ ቃዳዎች ለቢኤች-661 ሆኑ፣ ለገበያ። የጭንጫውን ቃዳ እኔ ለዳጉሳ ብትለቁት ይሻላል ብዬ ነበር። እሳቸው ለከብቶቹ አገዳ ፈለጉ፣ ስለዚህ ቢኤች-540 ገባበት።

የዘር ከረጢቱ 12.5 ኪሎ ነው፣ ለሁለት ቃዳ ይበቃል። ከሁለቱ ዘር አንድ አንድ ከረጢት ገዙ።

6. ዘሩን ሞክሩ፣ ከዚያ እርጥበቱን ጠብቁ

ከረጢቱ ላይ የምርት ዘመኑን እዩ። የተሰፋበት ክር ተፈትቶ እንደገና የተሰፋ ከመሰላችሁ ተዉት። ከዚያ 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሉ። በሳምንት ውስጥ ከ85 በታች ከበቀለ ለሻጩ መልሱ። መድኃኒት የተቀባ ስለሆነ እጃችሁን ታጠቡ፣ የተረፈውንም ለዶሮ አትስጡ።

የግንቦት መጨረሻ ዝናብ ያታልላል። አንድ ሌሊት ይዘንብና ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ዘሩ በቅሎ ይደርቃል፣ የከረጢቱ ገንዘብ ከነማዳበሪያው ይሄዳል። አፈሩን ስንዝር ያህል ቆፍሩና ከታች ያለውን ጭብጥ አድርጉ። ጓል ሆኖ ከያዘ ዝሩ። ከላይ እርጥብ ከታች ዱቄት ከሆነ ቆዩ።

በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 አድርጉ። ይህ በቃዳ 11,000 ተክል ገደማ ነው። «ይበዛልኛል» ብሎ መጠጋጋት ዝናብ በጎደለ ዓመት ሁሉንም ያስጠማል። ማዳበሪያው ዘሩን እንዳይነካ ጎን ላይ አድርጉት።

7. ዩሪያውን በሁለት ከፍላችሁ ያዙ

በቃዳ 50 ኪሎ ዩሪያ ይዛችሁ ከሆነ ግማሹን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ከሽልሻሎው ጋር፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ስጡ። ሌላውን ግማሽ ወንዴ አበባው ሊወጣ ሲል ስጡ። ሁለተኛውን ከመስጠታችሁ በፊት ማሳውን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እዩት። ቅጠሉ ቀትር ላይ ቢጠቀለል አያስደነግጥም። ጠዋት በ3 ሰዓት ከተጠቀለለ ግን በጥም ላይ ነው። ዝናብ እስኪመጣ ዩሪያውን አቆዩት። ካልመጣ ለሚቀጥለው ዓመት ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ቢያንስ ከኪሳራው ላይ አትጨምሩም።

8. ሲሰበሰብ ራሱን ገልጣችሁ አንብቡ

ከየማሳው 20 ራስ ሳትመርጡ ልጡና ደርድሩ። ራሱ ላይ ፍሬው እዚህም እዚያም ጎድሎ ጥርሱ የወለቀ ከመሰለ፣ ችግሩ የደረሰው በአበባው ሰዓት ነው። በዚያ ማሳ ለከርሞ ጥም ቻይ ዘር ወይም የዘር ቀን ለውጥ ይፈልጋል። ፀጉሩን ተምች በልቶትም ተመሳሳይ ይመስላል፣ ስለዚህ በአበባው ወቅት ተምች አይታችሁ እንደሆነ አስታውሱ። ከጫፉ ብቻ ባዶ ከሆነ ፍሬው ከተያዘ በኋላ ተርቧል፤ ወይ ውሃ ወይ ዩሪያ ጎድሎታል። ራሱ ሙሉ ሆኖ ፍሬው የተጨማደደና ቀላል ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ቀድሞ ወጥቷል። ለዚህኛው መድኃኒቱ ቶሎ ደራሽ ነው።

የአክስቴ የጭንጫ በቆሎ ከ20ው ራስ 13ቱ ሙሉ ሆኖ ፍሬው የተጨማደደ ነበር። ቢኤች-540 እንኳ አልደረሰበትም። ያን ምሽት ማድጋው አጠገብ ተቀምጠው ራሶቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩአቸው። ከዚያ «እንግዲህ ከርሞ ዳጉሳ ይግባበት» አሉ።